ሰኔ 30 ያደረው ወለድ

የዓመቱ ሂሳብ የሚዘጋበት ቀን ነው፤ ሰኔ 30 ከሰዓት በኋላ። ጠረጴዛው በደረሰኝ ተሞልቷል። የዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ እኔ እትዬ እያልኩ የምጠራቸው ሴት፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ካዘጋጀሁት የወጪ ዝርዝር አንዷን መስመር በጣታቸው ያዟት። «የወለድ ወጪ፣ 17,600 ብር» ትላለች።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድነው? ባንኩ የሚቆርጠው ሐምሌ 8 ነው። ያልከፈልኩትን ገንዘብ ከየት አምጥተህ ነው ወጪ የምትልብኝ?»

ይህን ጥያቄ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ። ነጋዴ ወጪን የሚያውቀው ከኪሱ ሲወጣ ነው፤ ከኪሱ ያልወጣ ወጪ የሂሳብ ሰው ፈጠራ ይመስለዋል። እትዬ ደግሞ ያልገባቸውን ነገር ፈርመው የሚያልፉ ሴት አይደሉም። ስለዚህ ብድሩን ከሥሩ ማየት ነበረብን።

ብድሩ የተወሰደው ለዳቦ መጋገሪያ ምድጃና ለሊጥ ማቡኪያ ማሽን ነው። ሰኔ 8 ቀን የወሩ ክፍያ ተከፍሎ ሲያበቃ የቀረው ዋና ብድር 1,825,000 ብር ነበር። ወለዱ በዓመት 16 በመቶ ነው። ባንኩ በየወሩ የሚቆርጠው በፈረንጆቹ 15ኛ ቀን ስለሆነ፣ ሰኔ 8 ማለት ለእነሱ ጁን 15፣ ሐምሌ 8 ደግሞ ጁላይ 15 ነው። በየወሩ ከሂሳባቸው የሚወጣው እኩል 69,625 ብር ነው፤ ከውስጡ ወለዱ ቀድሞ ይነሳል፣ የተረፈው ዋናውን ይቀንሳል።

«እትዬ፣ ሐምሌ 8ን ለጊዜው ይርሱት» አልኳቸው። «ዛሬ ማታ ገንዘቡ እጅዎ ገባና ዕዳዬን ልጨርስ ብለው ባንክ ቢሄዱ፣ ስንት ክፈሉ የሚሉዎት ይመስልዎታል?»

«የቀረውን ነዋ። 1,825,000።»

«አይሉዎትም። 1,842,600 ነው የሚሉዎት። ቀድሞ ለመዝጋት የሚጠይቁት ካለ እሱን ሳልቆጥር ነው።»

ዝም አሉ። ልዩነቱ 17,600 ነው፤ ጣታቸው የያዛት መስመር ራሷ። ካለፈው ክፍያ ወዲህ ገንዘቡ እሳቸው ዘንድ 22 ቀን አድሯል። ባንኩ ያንን ኪራይ እስከ ሐምሌ 8 አልጠይቅም አለ እንጂ አልተውም አላለም። የሚከፈልበት ቀን የተቀጠረ ነው፤ ዕዳው ግን ከደረሰ ቆይቷል። አማርኛችን ስሙን ወለድ ያለው በከንቱ አይደለም፤ የሚወለድበት ቀን የታወቀ ቢሆንም የሚያድገው በየሌሊቱ ነው።

«እንደ ጋጋሪው ደመወዝ ነው በለኛ» አሉ ጥቂት ቆይተው። ጋጋሪዎቻቸው የሰኔን ደመወዝ የሚቀበሉት ሐምሌ 3 ነው። ሆኖም ሰኔን ሙሉ ሌሊት እየተነሱ ያቦኩት ሊጥ ለሰኔ ዳቦ ነው፣ ዳቦውም ሰኔ ውስጥ ተሽጧል። የሰኔን ሽያጭ ይዞ የሰኔን ጋጋሪ ለሐምሌ ማስተላለፍ እንደማይሆን እትዬ ድሮም ያውቁታል። ምድጃውም እንደዚያው ነው። ከእኔ ማብራሪያ የእሳቸው ምሳሌ ስለሚሻል፣ ከዚያ ወዲህ ለሌሎች ደንበኞቼ የምነግረው የጋጋሪውን ነገር ነው።

የሂሳብ ሰዎች ይህን የተጠራቀመ ወለድ ይሉታል፤ ቢሮ ውስጥ ደግሞ «ወለዱን አክሩ አድርገኸዋል?» ሲባባሉ ይሰማል። አሠራሩ ሦስት ቁጥር ብቻ ይፈልጋል፦ የቀረው ዋና ብድር፣ የዓመቱ ወለድ፣ የቀኖቹ ብዛት። ከ1,825,000 ብር ላይ 16 በመቶው 292,000 ብር ነው። ይህ የዓመት ወለድ ነው። በ365 ሲካፈል በቀን 800 ብር ይመጣል። ምድጃው ቢነድም ባይነድም፣ እሑድም ሆነ በዓል፣ ሌሊቱ በነጋ ቁጥር 800 ብር ማለት ነው። በ22 ቀን 17,600 ብር ይሆናል።

ስሌቱ ቀላል ይምሰል እንጂ ሰው የሚስተው ቀኖቹ ላይ ነው። ከሰኔ 8 እስከ ሰኔ 30 በጣት ስንቆጥር ሁለቱንም ጫፍ ከያዝን 23 ይመጣል፤ ስንቀንስ ደግሞ 22። ትክክለኛው የቱ ነው? ባንኩ ከሁለቱ ጫፎች አንዱን ብቻ ነው የሚቆጥረው፤ ሁለቱንም ከቆጠረ በየወሩ አንድ ቀን ሁለት ጊዜ ሊያስከፍል ነው። እኔ የክፍያውን ቀን ትቼ ከማግስቱ፣ ከሰኔ 9፣ እጀምራለሁ፤ እስከ ሰኔ 30 ድረስ 22 ቀን ነው። ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 8 ደግሞ 8 ቀን። 22 እና 8 ሲደመሩ 30፤ ከጁን 15 እስከ ጁላይ 15 ያለውም 30 ቀን ነው። ሁለቱ ቁራጮች ሲደመሩ ባንኩ ከሚያስከፍለው የቀን ብዛት ጋር ካልገጠሙ አንድ ቀን የሆነ ቦታ ተደግሟል ወይም ጠፍቷል።

365 የሚለውም ቢሆን ከውሉ የሚነበብ እንጂ የሚገመት አይደለም፤ በዓለም ላይ ዓመቱን በ360 የሚያካፍሉ ውሎች አሉ። ውሉ ከተሳቢያ ሥር ጠፍቶ ከሆነ ቀላል ማረጋገጫ አለ። ባለፈው ወር ባንኩ የቆረጠውን ወለድ ከስቴትመንቱ ላይ ወስዶ በዚያ ወር ቀኖች ማካፈል ነው። የሚገኘው የቀን ወለድ እኛ በዚያ ወር ከነበረው ዋና ብድር ላይ ካሰላነው ጋር ከተስማማ መንገዱ አንድ ነው። ካልተስማማ ወይ ውሉ ዓመቱን በ365 አያካፍልም፣ ወይ ወለዱ ተለውጧል፣ ወይ ዋናው ብድር እኛ የምናስበው አይደለም። ብዙ የብድር ውል ባንኩ የወለዱን መጠን እንዲለውጥ ስለሚፈቅድ፣ ብድሩ ሲወሰድ የተሰጠውን የክፍያ ሰንጠረዥ እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ይዞ ዓመታት መጓዝ አያዋጣም።

አንድ ሌላ ስህተት ደግሞ አለ፣ እሱን እኔም በጀማሪነቴ ሠርቼዋለሁ፦ ስሌቱን መጀመሪያ ከተበደሩት ገንዘብ ላይ ማስላት። ወለዱ የሚያድገው ከቀረው ላይ ብቻ ነው። ውሉ በጉልህ የጻፈው ግን መጀመሪያ የተወሰደውን ስለሆነ ዓይን ወደዚያ ይሄዳል።

መዝገቡ ላይ የሚጻፈው እንዲህ ነው። ሰኔ 30 ቀን የወለድ ወጪ በ17,600 ዴቢት ይደረጋል፣ ተከፋይ ወለድ የሚባለው የዕዳ ሂሳብ በዚያው ልክ ክሬዲት። ባንክ ውስጥ ያለው ገንዘብ አይነካም። ዋናው ብድርም አይነካም፤ 1,825,000 እንደሆነ ይቆያል። ያደረው ወለድ ከዋናው ጋር እንዳይቀላቀል ለብቻው የሚቀመጥበት ምክንያት አለ፦ በሁለት ክፍያዎች መካከል ያለው ወለድ ራሱ ወለድ አይወልድም። ቀኑ ደርሶ ሳይከፈል ሲቀር ግን ውሉ ወደ ዋናው እንዲደመር ወይም ቅጣት እንዲታሰብበት ሊፈቅድ ይችላል፤ ያኔ ነገሩ ሌላ ነው።

እዚህ ድረስ ማንም ይደርሳል። ጣጣው የሚመጣው ሐምሌ 8 ነው።

በዚያ ቀን 69,625 ብር ከባንክ ይወጣል። ባንኩ በሚልከው ማስታወቂያ ላይ ወለዱ 24,000፣ ዋናው 45,625 ተብሎ ተከፍሏል። ሂሳብ ሠራተኛው ማስታወቂያውን አየና 24,000ውን እንዳለ የሐምሌ የወለድ ወጪ አድርጎ ጻፈው። ትክክል ይመስላል፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነውና። ነገር ግን ከዚያ ውስጥ 17,600ው ሰኔ 30 ላይ ወጪ ተደርጎ አልቋል። አሁን ሁለት ጊዜ ተቆጠረ። ተከፋይ ወለድ የሚለው ሂሳብ ላይም 17,600 ብር ባለቤት እንደሌለው ዕቃ ተቀምጦ ይቀራል፤ በየወሩ ሲደገም ደግሞ ይከመራል።

ትክክለኛው አጻጻፍ ክፍያውን ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። 45,625ው ዋናውን ብድር ይቀንሳል። 17,600ው ሰኔ 30 የተመዘገበውን ዕዳ ያጠፋል። የቀረው 6,400 ብር ብቻ፣ የ8 ቀን ወለድ፣ የሐምሌ ወጪ ይሆናል። ሦስቱ ሲደመሩ 69,625 ናቸው።

ብዙ አካውንታንቶች ይህን መለያየት ለማስታወስ ከመድከም ሐምሌ 1 ቀን የሰኔ 30ውን ምዝገባ ገልብጠው ይጽፉታል። ያኔ ዕዳው ይጠፋል፣ የሐምሌ የወለድ ወጪም ለጥቂት ቀናት ከዜሮ በታች 17,600 ሆኖ ይታያል። ባለቤቱ በመሃል ሪፖርት ካየ ይደነግጣል። ሐምሌ 8 ግን 24,000ው እንዳለ ወጪ ሲጻፍ የሚቀረው 6,400 ነው፤ እዚያው ቦታ ተደረሰ። እኔ ይህን መንገድ እመርጣለሁ፤ ክፍያውን የሚመዘግበው ልጅ ሌላ ሰው ሊሆን ስለሚችል፣ እሱ ስለ ሰኔ ምንም ሳያውቅ የባንኩን ወረቀት እንዳለ ቢገለብጥ እንኳ ሂሳቡ አይበላሽም።

መንገዱ የትኛውም ይሁን፣ ስህተቱን ለማወቅ ኦዲተር መሆን አያስፈልግም። ሐምሌ 8 ክፍያው ከተመዘገበ በኋላ ተከፋይ ወለድ የሚለውን ሂሳብ ከፍቶ ማየት ነው። ዜሮ መሆን አለበት። አንድ ብርም ቢሆን ካለበት አንዱ ጫፍ አልተዘጋም። አንድ ቦታ የድሮ ሂሳብ እንዳይ ተጠርቼ በዚህ ሂሳብ ላይ የስምንት ወር ወለድ ተከምሮ አገኘሁ። ባለቤቱ ባንክ ያን ያህል ዕዳ እንደሌለበት ምሎ ይናገራል፤ እውነቱን ነው። ወለዱ ሁሉ ተከፍሏል፤ ወጪው ሁለት ጊዜ ስለተጻፈ ግን ስምንት ወር ሙሉ ትርፌ የት ገባ እያለ ሲፈልግ ኖሯል።

ሐምሌ ሲያልቅ ያው ሥራ ይደገማል፤ ቁጥሩ ግን አንድ አይደለም። ዋናው በ45,625 ስለቀነሰ 1,779,375 ብር ሆኗል፤ የቀኑ ወለድ ከ800 ወደ 780 ወርዷል። ከሐምሌ 8 እስከ ሐምሌ 30 ያለው 22 ቀን 17,160 ብር ያመጣል። ስለዚህ የሐምሌ ወር እውነተኛ የወለድ ወጪ የመጀመሪያዎቹ 8 ቀኖች 6,400 እና የኋለኞቹ 22 ቀኖች 17,160፣ በድምሩ 23,560 ብር ነው። ባንኩ ሐምሌ ውስጥ የቆረጠው 24,000 ነው። ሁለቱ ቁጥሮች መለያየታቸው ስህተት አይደለም፤ እንዲያውም ሁልጊዜ እኩል እየሆኑ ከመጡ የባንኩን ወረቀት ብቻ እየገለበጡ መሆኑን ያሳያል።

ወደ ሰኔ 30 ልመለስ፤ ለዳቦ ቤቱ ዋናው ቀን እሱ ነውና። የአገራችን የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች የዓመቱን ሂሳብ ይዘው እስከ ጥቅምት 30 ገቢዎች ይቀርባሉ። ባንኮች ግን ዓመታቸውን የሚዘጉት በፈረንጆቹ ጁን 30፣ ማለትም ሰኔ 23 ነው። ከዚህ የሰባት ቀን ልዩነት በየዓመቱ አንድ ጭቅጭቅ ይወለዳል። ባንኩ ለዓመቱ መዝጊያ ያዘጋጀው ወረቀት የእትዬን ያደረ ወለድ 12,000 ብር ይላል፤ የ15 ቀን ነው። የእኛ መዝገብ 17,600 ይላል። ሂሳብ ሠራተኛው ባንክ አይሳሳትም ብሎ የራሱን ሊያስተካክል ይነሳል። ሁለቱም ግን ልክ ናቸው፤ ልዩነቱ 5,600 ብር፣ ሰባት ቀን በ800 ነው። ለባንኩ የማረጋገጫ ደብዳቤ ሲጻፍ «እስከ ሰኔ 30» ብቻ ሳይሆን «ጁላይ 7» ብሎ ቀኑን በእነሱም አቆጣጠር መጥቀስ ይህን ሁሉ ንትርክ ያስቀራል።

እትዬ እዚህ ጋ ቆም አሉና «ባልጽፈውስ? መቼም ሐምሌ ላይ መውጣቱ አይቀርም» አሉ።

አይቀርም። ቢዘለል የሰኔው 17,600 ወደሚቀጥለው ዓመት ወጪ ይተላለፋል እንጂ አይጠፋም። ዳቦ ቤቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው፤ ከትርፉ 30 በመቶ ግብር ይከፍላል። ያቺ መስመር ብትቀር የዘንድሮው ትርፍ በ17,600 ከፍ ብሎ ይታይና 5,280 ብር ግብር ዘንድሮ ይከፈልበታል፤ ማካካሻው ዓመት ጠብቆ ይመጣል። ተንኮሉ ደግሞ ዘለላው በየዓመቱ ከተደገመ የማይታይ መሆኑ ነው። ከአምናው የተዘለለ ገብቶ ከዘንድሮው የተዘለለ ይወጣል፣ ወጪው ላይም የአሥራ ሁለት ክፍያ ወለድ ይቀመጣል፣ ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል። ጉድለቱ ፊቱን የሚያሳየው ብድሩ በተወሰደበት ዓመትና በሚያልቅበት ዓመት፣ ወይም ወለዱ ከፍ ባለበት ዓመት ነው። የዕዳው መግለጫ ግን በየዓመቱ ልክ አይሆንም፤ ለሌላ ብድር ሌላ ባንክ ቢሄዱ የሚቀርበው መግለጫ 17,600 ብር የጎደለው ዕዳ የያዘ ነው።

የባሰው በእፎይታ ጊዜ ውስጥ ያለ ብድር ነው። ባንኩ ስድስት ወር አትክፈሉ ካለ ብዙ ሰው ስድስት ወር ወለድ የለም ብሎ ይረዳዋል። ውሉ ነፃ ነው ካላለ በስተቀር ወለዱ በየሌሊቱ መቆጠሩን አያቆምም። በወር የሚከፈል ብድር ቢዘለል የጥቂት ቀን ስህተት ነው፤ በሦስት ወር የሚከፈል ወይም እፎይታ ላይ ያለ ብድር ቢዘለል ግን ትርፍ የመሰለውን ወደ ኪሳራ ሊገለብጥ ይችላል።

ባንኩም በበኩሉ ያንኑ 800 ብር በየቀኑ ገቢ አድርጎ ይመዘግባል፤ የእትዬ ተከፋይ ለእሱ ተሰብሳቢ ነው። አንድ ልዩነት አለ። ክፍያው 90 ቀን ካለፈው ብድሩ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ከተበላሹት ይመደባል፤ ባንኩም ያልተሰበሰበውን ወለድ እንደ ገቢ መቁጠሩን ያቆማል። ተበዳሪው ላይ ግን ዕዳው አይቆምም። «ባንኩ ራሱ ቆጠራውን አቁሟል» ብለው ከመዝገባቸው የሚያወጡ ሰዎች አይቻለሁ፤ ባንኩ ያቆመው የራሱን ደስታ ነው።

ይህን ሁሉ በየወሩ መሥራት ግድ ነው? እዚህ ላይ ከሙያ ባልደረቦቼ ጋር አልስማማም። በየወሩ ትርፍና ኪሳራውን ቁጭ ብሎ የሚያነብ ባለቤት ካለ፣ አዎ፣ በየወሩ ይሠራ። ወርሃዊ ሪፖርቱ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ የሚውል ከሆነ ግን ለ12 ወር የሚደረገው ምዝገባና ግልበጣ ስህተት የሚገባበት በር ከማብዛት በቀር ጥቅሙ አይታየኝም። ሰኔ 30 ላይ ግን ምርጫ የለም።

እትዬ ፈረሙ። ወረቀቱን ሲመልሱልኝ አንድ ነገር ትዝ አላቸው።

«ጳጉሜስ? ለጳጉሜ ደመወዝ አልከፍልም፣ ሠራተኞቼም ያውቁታል። ባንኩ ጳጉሜን ይቆጥራል?»

ባንኩ ጳጉሜን አያውቃትም፤ ለእሱ ከሴፕቴምበር ቀኖች አምስቱ ናቸው። እኛ ከነሐሴ ጋር ደምረን ስንዘጋ የነሐሴው ወለድ የ35 ቀን ይሆናል። የነሐሴው ክፍያ ተከፍሎ የእትዬ የቀን ወለድ ያኔ 760 ብር ገደማ ስለሚደርስ፣ የጳጉሜ አምስት ሌሊት ብቻውን 3,800 ብር ነው።